አሥር ግፊት በአሥራ አንድ ዙር

ጋሊሊዮ ጋሊሌይ እ.ኤ.አ. በ1638 በሆላንዷ ላይደን ከተማ በታተመው የመጨረሻ መጽሐፉ ውስጥ የአንድ ትልቅ ደወል ነገር ያነሣል። አንድ ሰው ብቻውን፣ ጊዜውን እየጠበቀ ገመዱን ሳብ ለቀቅ ካደረገ ያን የሚያህል ደወል ማወዛወዝ ይችላል። ደወሉ አንዴ ሙሉ ውዝዋዜ ውስጥ ከገባ በኋላ ግን አራትና ስድስት ሰዎች ገመዱን ይዘው እናስቁመው ቢሉ ሁሉንም ከመሬት ያነሣቸዋል። ጋሊሊዮ ይህን በልጅነቱ በዓይኑ እንዳየ ጽፏል።

ያ ሰው ከስድስቱ ሰዎች የበለጠ ጉልበት አልነበረውም። ደወሉ ወዲያና ወዲህ ለመመላለስ የሚፈጅበት የራሱ ጊዜ አለው፤ ሰውየው በዚያው ጊዜ ልክ ስለሚስብ እያንዳንዱ ትንሽ ስበት ካለፈው ላይ ይደመራል። ዛሬ ሬዞናንስ የምንለው ይኸው ነው። ሬዞናንስን ብዙ ሰው በስም ያውቀዋል። ሁለት ነገሮች ግን እምብዛም አይነገሩም። አንደኛው ውዝዋዜው በየዙሩ ስንት ስንት እንደሚያድግ ነው። ሁለተኛው፣ ገፊው ጊዜውን ሊያገኘው ተቃርቦ በትንሽ ቢስት የሚሆነው ነው። ይህ ሁለተኛው በተለይ ያልጠበቁትን ነገር ያሳያል።

ሁለቱንም በዥዋዥዌ ላይ በቁጥር ማየት ይቻላል። ገመዱ ከተንጠለጠለበት እስከ ልጁ ድረስ 2 ሜትር ከ25 ሳንቲሜትር ይሁን፤ የልጁ ክብደት ደግሞ 20 ኪሎ። ይህ ዥዋዥዌ አንድ ጊዜ ሄዶ ለመመለስ 3 ሰከንድ ይፈጅበታል። ከበድ ያለ ልጅ ቢቀመጥበትም ያው 3 ሰከንድ ነው፤ ጊዜውን የሚወስነው የገመዱ ርዝመት ነውና። ለጊዜው የአየሩንም ሆነ የማንጠልጠያውን ሰበቃ እንርሳውና አንድ እጅ ከልጁ ሳይለይ በለስላሳው ወደፊት እየገፋ ወደኋላም እየሳበ ነው እንበል። የእጁ ኃይል በጣም ሲበረታ 5 ኒውተን ነው፤ ግማሽ ሊትር ውኃ የያዘ ላስቲክ በእጅ ላይ የሚያሳርፈው ክብደት ያህል። በዚህ ኃይል ልጁን ገፍቶ እዚያው ይዞ ለመቆየት ቢሞከር ዥዋዥዌው ከመሀል ፈቀቅ የሚለው 5.7 ሳንቲሜትር ብቻ ነው።

አሁን እጁ በየ3 ሰከንዱ፣ ልክ በዥዋዥዌው ጊዜ ይግፋ። ውዝዋዜው በየዙሩ 18 ሳንቲሜትር ይሰፋል። ይህ ቁጥር እንዲሁ የመጣ አይደለም፤ ያ 5.7 ሳንቲሜትር በፓይ፣ ማለትም በ3.14 ሲባዛ የሚገኘው ነው። ከአምስት ዙር በኋላ ልጁ ከመሀል ተነሥቶ 90 ሳንቲሜትር ይርቃል። ሰበቃ በሌለበት ማንኛውም የሚወዛወዝ ነገር፣ ደወልም ይሁን ድልድይ፣ በራሱ ጊዜ ልክ እንዲህ ከተገፋ ስፋቱ በየዙሩ ኃይሉ ቆሞ ሲገፋ ከሚያመጣው ፈቀቅታ ሦስት እጥፍ በሚበልጥ መጠን ይጨምራል።

ዕድገቱ በእኩል መጠን መሆኑን ልብ ይሏል። ብዙዎች ሬዞናንስ ሲባል በየጊዜው እጥፍ እጥፍ እየሆነ የሚፈነዳ ነገር ይመስላቸዋል። እውነቱ ግን ደረጃ እንደ መውጣት ነው፤ አምስተኛውም ዙር 18፣ አሥረኛውም 18። ይህ የሚሆነው የእጁ ኃይል ሁልጊዜ ከዥዋዥዌው አካሄድ ጋር ስለሚተባበር ነው። ወደፊት ሲሄድ ወደፊት፣ ወደኋላ ሲመለስ ወደኋላ። ስለዚህ ኃይሉ ሳይጨምር እንኳ ልጁ ዘንድ የሚጠራቀመው ጉልበት በየዙሩ ይጨምራል፤ ግን ውዝዋዜው በሰፋ ቁጥር አንድ ሳንቲሜትር ለማስጨመር የሚጠየቀው ጉልበትም በዚያው ልክ ስለሚጨምር ደረጃው እኩል ሆኖ ይቀጥላል።

በወረቀት ላይ ይህ ማብቂያ የለውም። በሦስት ደቂቃ ውስጥ፣ ማለትም በ60 ዙር፣ ስሌቱ 11 ሜትር ሊሞላ የተቃረበ ስፋት ይሰጠናል፤ ገመዱ ግን ሁለት ሜትር ከሩብ ነው። ስሌቱ እዚህ የሳተው ዥዋዥዌው ምንም ያህል ቢሰፋ ጊዜው 3 ሰከንድ ሆኖ እንደሚቆይ አድርጎ ስለያዘ ነው። ውዝዋዜው 45 ዲግሪ ሲደርስ ጊዜው በ4 ከመቶ ይረዝማል፤ 90 ዲግሪ ሲደርስ በ18 ከመቶ። ስለዚህ በየ3 ሰከንዱ የሚገፋው እጅ ምንም ሳያጠፋ ከዥዋዥዌው ጋር እየተላለፈ ይሄዳል። ከሰበቃም በፊት ሬዞናንስን የሚያበላሸው አንዱ ነገር እንዲህ ያለው የጊዜ መተላለፍ ነው።

የጊዜ መተላለፍ ምን እንደሚያደርግ ለማየት እጁን ሆን ብለን እናዘግየው። ዥዋዥዌው በ3 ሰከንዱ ይኑር፤ እጁ ግን በየ3.3 ሰከንዱ ይግፋ። መጀመሪያ ላይ ምንም የሚለይ ነገር አይታይም። ከሦስት ዙር በኋላ በትክክለኛው ጊዜ የተገፋው 54 ሳንቲሜትር ሲደርስ፣ ዘግይቶ የሚገፋው ደግሞ 50 ላይ ነው። አጠገብ ቆሞ የሚያይ ሰው ሁለቱንም ሬዞናንስ ነው ቢል አይፈረድበትም።

ልዩነቱ የሚመጣው ቆይቶ ነው። በ16 ሰከንድ ተኩል ገደማ ስፋቱ 66 ሳንቲሜትር ይደርስና መጨመሩን ያቆማል። ከዚያ እጁ እንደበፊቱ እየገፋ፣ ኃይሉም ምንም ሳይቀንስ፣ ዥዋዥዌው ይጠብ ጀመር። 40፣ 20 እያለ በ33ኛው ሰከንድ ላይ ልጁ መሀል ላይ ቀጥ ይላል። ወዲያው ደግሞ እንደ አዲስ ያድጋል፤ እንደገና 66፣ እንደገና ዜሮ። ሰበቃ ከሌለ ይህ ማደግና መክሰም ሳያቋርጥ ይቀጥላል። የፊዚክስ ሰዎች ቢት ይሉታል።

33 ሰከንዱ ከየት መጣ? ዥዋዥዌው ለራሱ ቢተው በ33 ሰከንድ ውስጥ 11 ዙር ይሄዳል። እጁ በዚያው ጊዜ 10 ጊዜ ይገፋል። ሁለቱ አብረው ጀምረው እንደገና አብረው እስኪገጥሙ አንዱ ሌላውን በአንድ ሙሉ ዙር መቅደም አለበት፤ ያ የሚሆነው በ33 ሰከንድ ነው። በመጀመሪያው አጋማሽ ግፊቱ ባመዛኙ ከልጁ አካሄድ ጋር ስለሆነ ጉልበት ይሰጠዋል። ጫፉ ላይ ግፊቱ የሚበረታው ዥዋዥዌው ዳር ደርሶ ለአፍታ ቀጥ በሚልበት ቅጽበት ስለሆነ አይሰጥም አይወስድም። ከዚያ በኋላ እጁ የሚገፋው ልጁ ወደ እጁ ሲመጣ ነው። ገፊው ሳያውቀው የሰጠውን ጉልበት አንድም ሳያስቀር መልሶ ይወስዳል።

እዚህ ላይ ጠለቅ ብሎ ማየት የሚገባ ነገር አለ። የሚገፋው እጅ አንድ ነው፤ የሚገፋውም በአንድ ጊዜ ልክ ነው። እንግዲህ ከእጁ ጋር አንዴ የሚስማማው አንዴ የሚጣላው ሁለተኛው ንዝረት ከየት ተገኘ? መልሱ ያለው በአጀማመሩ ላይ ነው። በየ3.3 ሰከንዱ የሚገፋ 5 ኒውተን ይህን ዥዋዥዌ የሚያዝዘው 33 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው፣ ሳይዛነፍ በእጁ ጊዜ የሚሄድ ውዝዋዜ ነው። ያ ውዝዋዜ ግን ገና ሲጀመር ልጁ ከመሀል 33 ሳንቲሜትር ርቆ እንዲገኝ ይፈልጋል፤ ልጁ ግን መሀል ላይ ዝም ብሎ ተቀምጧል። ይህን የሚያስታርቀው ሌላ 33 ሳንቲሜትር ነው፤ የመጀመሪያውን የሚቃረን፣ በዥዋዥዌው በራሱ የ3 ሰከንድ ጊዜ የሚሄድ። ልጁ ላይ ሁለቱ አብረው ያርፋሉ። ሲገጥሙ 66 ይሆናሉ፤ ሲቃረኑ ዜሮ። ስለዚህ ቢት ማለት ከውጭ የታዘዘው ውዝዋዜና የዕቃው የራሱ ተፈጥሯዊ ውዝዋዜ በአንድ አካል ላይ ሲገናኙ የሚታየው ነው።

እጁን ወደ ትክክለኛው ጊዜ እናቅርበው። በየ3.1 ሰከንዱ ቢገፋ ከዜሮ ተነሥቶ ወደ ዜሮ ለመመለስ 93 ሰከንድ ይወስዳል፤ ጫፉም 180 ሳንቲሜትር ገደማ ይደርሳል። ይህ ስፋት ከ45 ዲግሪ አለፍ ስለሚል ለዚህ ቀላል ስሌት ዳር ነው፤ አቅጣጫው ግን ግልጽ ነው። ልዩነቱ እየጠበበ በሄደ ቁጥር ቢቱ ይዘገያል፣ ከፍታውም ያድጋል። ልዩነቱ ጨርሶ ሲጠፋ ደግሞ ጫፉ ወደማይደረስበት ይርቅና የሚቀረው ሽቅብ የሚወጣው መንገድ ብቻ ይሆናል። ሬዞናንስና ቢት ሁለት የተለያዩ ክስተቶች ሆነው መማራቸው ለተማሪው ብዙ ነገር ይሰውርበታል፤ ሬዞናንስ መውረጃው ያልመጣ ቢት ነውና።

አሁን የረሳነውን ሰበቃ እንመልሰው። ብቻውን የተለቀቀው ዥዋዥዌ በየዙሩ ከስፋቱ 12 ከመቶ ገደማ ያጣል እንበል። ሰበቃ ጠራርጎ የሚያጠፋው የራሱን የ3 ሰከንዱን ውዝዋዜ ነው፤ ያንን የሚደግፍ የለምና። የእጁን ግን እጁ ራሱ ስለሚደግፈው ይቆያል። በየ3.3 ሰከንዱ የሚገፋው ዥዋዥዌ መጀመሪያ 50 ሳንቲሜትር ገደማ ደርሶ ወደ 25 ይወርዳል፤ ቀጣዮቹ ከፍታዎችና ዝቅታዎች እየተቀራረቡ ሄደው ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ 32 ሳንቲሜትር ገደማ ላይ ይረጋል። ልክ በ3 ሰከንዱ የሚገፋው ደግሞ 143 ሳንቲሜትር ገደማ ላይ ይቆማል፤ እዚያ ስፋት ላይ ሰበቃው በየዙሩ የሚወስደው እጁ ከሚጨምረው 18 ሳንቲሜትር ጋር እኩል ይሆናል።

ይህ ለባለሙያ ትልቅ መለያ ነው። አንድ ወፍጮ ቤት ውስጥ ወለሉ እየበረታና እየደከመ ይንቀጠቀጣል እንበል። በ50 ኸርዝ መብራት የሚሠሩት የተለመዱት ባለ አራት ፖል ሞተሮች በደቂቃ ከ1,500 ትንሽ ያነሰ ይዞራሉ፤ ምን ያህል እንደሚያንስ የሚወስነው ጭነታቸው ነው። ወፍጮው አንድ ሞተር ብቻ ኖሮት ከተነሣ በኋላ ለጥቂት ሰከንዶች ከፍ ዝቅ ብሎ ከረጋ፣ ያ የመነሻ ቢት ነው፤ መሠረቱ የራሱን ንዝረት ሲያራግፍ የታየ ነው። ከፍ ዝቅታው ቀኑን ሙሉ ካልጠፋ ግን ሰበቃ ያላጠፋው ሁለተኛ ምንጭ መኖር አለበት። ሁለት ሞተሮች አንዱ በደቂቃ 1,460 ሌላው 1,450 ቢዞሩ ልዩነቱ በደቂቃ 10 ስለሆነ ወለሉ በየ6 ሰከንዱ አንዴ ይበረታል። ሰዓት ይዞ መቁጠር፣ ከዚያም አንዱን ማጥፋት በቂ ነው። ከፍ ዝቅታው ወዲያው ከቀረ ነገሩ የሁለቱ ሞተሮች ነው። ከቀረ በኋላም አንዱ ብቻውን አጥብቆ የሚያንቀጠቅጥ ከሆነ የዚያ ሞተር ፍጥነት ከመሠረቱ ተፈጥሯዊ ንዝረት ጋር ተቀራርቧል ብሎ መጠርጠር ተገቢ ነው።

መፍትሔውም ላይ ወጥመድ አለ። ሁሉም ሰው የሚቸኩለው ብረት በይዶ መሠረቱን ለማጠንከር ነው። ማጠንከር ንዝረቱን ያፈጥነዋል፤ ክብደት መጨመር ያዘገየዋል። በደቂቃ 1,450 የሚዞር ሞተር በሰከንድ 24 ጊዜ ገደማ ይመታል። መሠረቱ በሰከንድ 22 ጊዜ የሚንቀጠቀጥ ከነበረና ብየዳው ወደ 24 ካደረሰው፣ ወጪ ተደርጎበት ነገሩ ይባባሳል። ስለዚህ አስቀድሞ የመሠረቱ ንዝረት ከሞተሩ በላይ ይሁን በታች ማወቅ ያስፈልጋል። ሞተሩን አጥፍቶ ቀስ እያለ ሲቆም መከታተል ይጠቁማል። ፍጥነቱ ሲቀንስ መንቀጥቀጡ መጀመሪያ በርትቶ ከዚያ ከቀነሰ የመሠረቱ ንዝረት ከሥራው ፍጥነት በታች ነው። የልብስ ማጠቢያ ማሽን ውኃ ለመጭመቅ ሲፈጥን መሀል ላይ ለአፍታ የሚንገጫገጨውም እንዲህ ያለውን ፍጥነት ሲያልፍ ነው። ጉዳት ሳያደርስ የሚያልፈው ሬዞናንስ በየዙሩ ደረጃ በደረጃ ስለሚያድግ ነው፤ ማሽኑ ብዙ ዙር ሳይቆይበት ይሻገረዋል።

ብዙ ዙር የመቆየት ጉዳይ ስንት ሕይወት እንደሚያስከፍል የታየው እ.ኤ.አ. መስከረም 19 ቀን 1985 በሜክሲኮ ሲቲ ነው። ሬክተሩ 8 የደረሰው ርዕደ መሬት የተነሣው ከከተማዋ ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ በፓስፊክ ዳርቻ ነበር። የከተማዋ እምብርት ግን የተሠራው ድሮ ሐይቅ በነበረ ለስላሳ ጭቃ ላይ ነው። ጭቃው የመጣውን ነውጥ አጉልቶ በየ2 ሰከንዱ አካባቢ የሚመላለስ፣ ተደጋግሞ የቀጠለ ውዝዋዜ አደረገው። አስቸጋሪው የኃይሉ ብዛት ብቻ አልነበረም፤ አንድ ወጥ ጊዜ ይዞ ዙር በዙር ላይ መደራረቡም ነበር።

አንድ ሕንፃ ወዲያና ወዲህ ለመመላለስ የሚፈጅበት ጊዜ በግርድፉ ሲሰላ ለአንድ ፎቅ አንድ አሥረኛ ሰከንድ ነው። በዚህ ሂሳብ 2 ሰከንድ የሚሆነው ለ20 ፎቅ ነው። ክፉኛ የተጎዱት ግን ከ6 እስከ 15 ፎቅ ያላቸው ናቸው። ይህ የሚገርመው ሕንፃ መሰንጠቁን ከረሱ ነው። ምሰሶና ቋሚው ሲሰነጠቅ ሕንፃው ይላላል፤ የላላ ሕንፃ ቀስ ብሎ ይወዛወዛል። በ1 ሰከንድ ይመላለስ የነበረው ባለ 10 ፎቅ፣ በተጎዳ ቁጥር ጊዜው እየረዘመ ወደ 2 ሰከንዱ ነውጥ ተጠጋ። በዥዋዥዌው ላይ የጊዜው መርዘም ከግፊቱ ያርቀው ነበር፤ እዚህ ግን ወደ ግፊቱ ወሰደው። ብዙ ዝቅተኛ ቤቶች ቆመው ቀሩ። በ1956 የተመረቀው ባለ 44 ፎቁ የላቲን አሜሪካ ማማም ከእነሱ ጋር ቆመ።

በየመማሪያ መጽሐፉ ለሬዞናንስ ምሳሌ ተደርጎ የሚጠቀሰው የአሜሪካው ታኮማ ናሮውስ ድልድይ ግን እዚህ መግባት የለበትም። ኅዳር 7 ቀን 1940 የፈረሰው ያ ድልድይ፣ ጊዜ ጠብቆ የሚገፋው ነገር አልነበረም፤ ነፋሱ በአንድ አቅጣጫ ይነፍስ ነበር። የድልድዩ መጠማዘዝ ራሱ የነፋሱን አገፋፍ እየለዋወጠ ከነፋሱ ጉልበት ይቀበል ነበር። ፊልሙ አስደናቂ ነው፤ ትምህርቱ ግን ሌላ ነው።

ቢትን ጠላት ከማድረግ ይልቅ ሥራ ያስያዙት የታይፔይ 101 መሐንዲሶች ናቸው። በ2004 የተመረቀው ይህ የታይዋን ሕንፃ 508 ሜትር ቁመት አለው። ከ87ኛው እስከ 92ኛው ፎቅ ባለው ክፍት ቦታ ውስጥ 660 ቶን የሚመዝን፣ 5 ሜትር ተኩል ስፋት ያለው የብረት ኳስ በወፍራም ገመዶች ተንጠልጥሏል። የገመዶቹ ርዝመት የተመረጠው ኳሱ በሕንፃው ጊዜ ልክ እንዲወዛወዝ ነው። ማዕበል ሕንፃውን ሲያነቃንቀው ሕንፃው ለኳሱ እንደ ገፊው እጅ ይሆናል። ኳሱ እያደገ፣ ሕንፃው እየደከመ ይሄዳል።

ሰበቃ ባይኖር ግን ይህ ሁሉ ከንቱ ነበር። ልክ በ16 ሰከንድ ተኩሉ ላይ እንዳየነው ጉልበቱ ተመልሶ ወደ ሰጪው ይሄድና ሕንፃው እንደገና መወዛወዝ ይጀምራል። ስለዚህ ከኳሱ ሥር ስምንት ትላልቅ የዘይት አምርቲዛተሮች ተገጥመዋል። ኳሱ በተወዛወዘ ቁጥር ፒስተኖቹ ዘይቱን በጠባብ ቀዳዳ እየገፉ ጉልበቱን ወደ ሙቀት ይለውጡታል። በነሐሴ 2015 ሱዴሎር የተባለው ማዕበል ታይዋንን ሲመታ ያ 660 ቶን ኳስ ከመሀል አንድ ሜትር ድረስ ተወዛውዟል፤ ከሕንፃው የተቀበለውንም ጉልበት አምርቲዛተሮቹ ሳይመለስ ዘይቱ ውስጥ አስቀርተውታል።